ከቧንቧ እስከ ኩባያ፦ የእጅ መታጠብና የመጠጥ ውሃ ትምህርት በመሃል አዲስ አበባ

በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ አሮጌ ሰፈሮች ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹህ መጠጥ ውሃ የሚሰጠው የጤና ትምህርት ምቹ ቦታው የጋራ ግቢ ነው፤ ምቹ ሰዓቱም የእድር ስብሰባ ሲያበቃ ወይም ቡና ሲፈላ ነው። አስተማሪዋ ብዙውን ጊዜ በ2002 ዓ.ም. በተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሠለጠነች ነርስ ናት። ንግግሩ ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ እናቶች ወደ ምድጃቸው ማሰብ ይጀምራሉ።

ለገጠር የተዘጋጀው ጽሑፍ «የወንዝ ውሃ አትጠጡ» ብሎ ይጀምራል። ይህ ለመሃል ከተማ ሰው አይሆንም። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ነው ወደ ቧንቧ የሚገባው። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ አንድ ጀሪካን መሃል ላይ አስቀምጣ ትጠይቃለች፦ «እናቶቼ፣ ይህ ውሃ ከተቀዳ ስንት ቀኑ ነው? ከተቀዳ በኋላስ የስንት ሰው እጅ ነካው?» መልሱ የትምህርቱ ዋና ሐሳብ ነው፤ ውሃው በአብዛኛው የሚበከለው እኛው ቤት ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ፈረቃ ነው። ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ ለቀናት ይጠራቀማል፤ ክሎሪኑም ቀስ በቀስ ይሟጠጣል። ውሃው ሲቋረጥ የቧንቧው ግፊት ስለሚወርድ በተሰነጠቀ ቦታ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ማዋል፣ ከጠራ በኋላ ለመጠጥ መቅዳት ያስፈልጋል። አፈ ሰፊ በርሜል ደግሞ የባሰ ነው፤ ልጅ ኩባያ ሲያጠልቅ ጣቶቹም አብረው ይጠልቃሉ። የመጠጥ ውሃ አፈ ጠባብና ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ በማጋደል ይቀዳ፤ ከበርሜል የግድ ከተቀዳ ግን እጀታው ረጅም የሆነና ለሌላ ሥራ የማይውል ጭልፋ ይመደብለት።

ለተጠራቀመ ውሃ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ከፍታ የሚመከረው ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረፋ ማሳየት ከጀመረ ገና አልፈላም። ነገር ግን ለከሰልም ለኤሌክትሪክም ገንዘብ ያስፈልጋልና ለብዙ ቤት ቀላሉ እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ነው። መጠኑ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው፤ በግምት አይጨመርም። ደፍራሽ ውሃ ግን ክሎሪኑን ስለሚያባክን መጀመሪያ እንዲጠል ተደርጎ፣ ከላይ ያለው በታጠፈ ንጹህ ነጭ ጨርቅ ይጠለላል። ከዚያ ክሎሪኑ ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጨምሮ ወዲያው ይጠጣል። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ መኖሩ መድኃኒቱ ገና እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ሽታው አስጠላኝ ብሎ የተወውን ጎረቤት ሳይገሥጹ ይህን ማስረዳት ይሻላል።

ስለ እጅ ሲነገር ከቃል ይልቅ ዓይን ያምናል። አስተማሪዋ ከቡናው አዘጋጅ ጥቂት የተወቀጠ ቡና ትለምናለች። አንዲት ፈቃደኛ እናት እጃቸውን ዘይት ይቀባሉ፤ ቡናው ይነሰነስበታል። በማንቆርቆሪያ ውሃ ሲፈስበት ቡናው በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር እንደተጣበቀ ይቀራል። በሳሙና 20 ሰከንድ ሲታሹ ግን ይለቃል። ከዚያም አስተማሪዋ፦ «እንግዳ ስናስታጥብ ሳሙናውን የምናቀርበው መቼ ነው? ወጡ እጅ ላይ ከቀረ በኋላ አይደለም?» ትላለች። እኔ ከትምህርቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ጥያቄ ነው። ማስታጠብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ የሚጎድለው ከመብላት በፊት ሳሙናውን ከማንቆርቆሪያው ጋር ማቅረብ ብቻ ነው።

ከመጸዳጃ ቤት መልስና ሕፃን ከተጠራረገ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀትና ሕፃን ከማጉረስ በፊትም እንዲሁ ነው። አስቸጋሪው የጋራ መጸዳጃ ቤት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ውስጥ ሲከሰት እንዲህ ያለው ቦታ ነበር ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው። በር ላይ ቧንቧ ከሌለ ክዳኑ በጋለ ምስማር የተበሳ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፤ ውሃው በቀጭኑ እንዲወርድ ሲዘቀዘቅ ወደ ላይ በሚሆነው መቀመጫው በኩል ትንሽ የአየር ቀዳዳ ይበሳል። ሳሙናው እንዳይጠፋ በቆየ ካልሲ ውስጥ ታስሮ ይንጠለጠላል። ሳሙና ከሌለ ንጹህ አመድ ያገለግላል።

በየትኛው ቀን የትኛው ቤት ውሃውን እንደሚሞላ ስብሰባው ሳይበተን መወሰን አለበት፤ ተራው ካልተደለደለ ሃይላንዱ ቶሎ ባዶ ይቀራል። አስተማሪዋ ከሳምንት በኋላ ሳታሳውቅ ስትመለስ ማንንም አትጠይቅም። ሳሙናውን በጣቷ ትነካለች፤ እርጥብ ከሆነ ሰው እየታጠበ ነው፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ ደግሞ ውይይቱ ከተራው ድልድል እንደገና ይጀምራል።