የጭንቅላት ጉዳት በትምህርት ቤት ሜዳ፦ የሀዋሳ አሰልጣኝ ምን ያደርጋል?

ሀዋሳ የኳስ ከተማ ናት። ሀዋሳ ከነማንም ሲዳማ ቡናንም ያቀፈች ከተማ ናትና የትምህርት ቤት ጨዋታ እዚህ እንደ ዋዛ አይታይም። ክለቦቹ ወጌሻ አላቸው። ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ያለው አሰልጣኙ ብቻ ነው፣ እሱም የስፖርት መምህሩ ነው። ልጁ ጭንቅላቱን ሲመታ የሚወስነው እሱ ነው። በዚህ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ይህ ጽሑፍ በዋናነት ዓለም አቀፉን የስፖርት ሐኪሞች ስምምነትና የእንግሊዞቹን የ2023 መመሪያ ይከተላል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሚያሳስበን ባለሙያዎች ኮንከሽን የሚሉት የአንጎል መናጋት ነው። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ሲናጥ ሥራው ለጊዜው ይዛባል። ደም ላይታይ ይችላል፣ ሲቲ ስካን ቢነሳም ብዙውን ጊዜ ምንም አያሳይም። ራሱን ካልሳተ ደህና ነው የሚለው ልማድ ብዙ ልጆችን ጎድቷል፤ ኮንከሽን ከደረሰባቸው ውስጥ ራሳቸውን የሚስቱት ከአሥር አንድ አይሞሉም።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ የተሰበሰቡት በ2001 ቪየና ነው፣ ስድስተኛው ጉባኤ በ2022 አምስተርዳም ተደረገ። ሕግ በማውጣት የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት በ2009 ቀደመች፦ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ተማሪ ከጨዋታ ይወጣል፣ ያለ ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድ አይመለስም። ለምን እንዲህ ከረረ? በ2011 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ራግቢ ጭንቅላቱን ተመትቶ መጫወቱን ቀጠለ፣ ከዚያም ሞተ። የመጀመሪያው ሳይድን ሌላ ምት ሲደርስ አንጎል በድንገት ሊያብጥ ይችላል። እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው። የሚታየው ግን በአብዛኛው በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው።

አሁን አንድ ጨዋታ እንውሰድ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ የማዕዘን ምት ተመታ። አጥቂውና የ16 ዓመቱ ተከላካያችን ለቴስታ አብረው ዘለሉ፣ የአጥቂው ግንባር የተከላካዩን ጆሮ ግንድ መታው። ልጁ ወደቀ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ተንገዳገደ።

ገና ወድቆ ሳለ ጓደኞቹ እጁን ጎትተው ሊያስነሱት ይሮጣሉ። መጀመሪያ እነሱን አስቁሙ። አንገቱን ካመመው፣ እጅ እግሩን ከደነዘዘው ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ጭንቅላቱን ባለበት ደግፋችሁ አምቡላንስ ትጠራላችሁ። የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚዘል ባጃጅ ለተጎዳ አንገት አይሆንም።

የኛ ልጅ አንገቱ ደህና ነው እንበል። ከመጠየቃችሁ በፊት እዩት። ዓይኑ ፈዟል? ጭንቅላቱን ይዟል? የቱ ጎል የኛ እንደሆነ ጠፍቶታል? ከዚያ ጠይቁት፦ አሁን የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወትን? አሸነፍን? ልጁ አራቱን መለሰ፣ ያለፈውን ተጋጣሚ ግን ረሳ፣ መልሱም ይጎተታል። ይበቃል፣ ይወጣል። እንዲያውም መንገዳገዱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ጥያቄዎቹን በሙሉ መመለስ ልጁን ነጻ አያወጣውም፤ አንዱን መሳት ግን ያስወጣዋል። ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካጥወለወለው ወይም ዓይኑ ብዥ ካለበትም እንዲሁ።

አንዴ ከወጣ በዚያ ቀን አይመለስም። ከሩብ ሰዓት በኋላ «ቲቸር፣ ደህና ነኝ» ይላል፣ አምበሉም ይለምናል፣ ቅያሪ አልቆ በአሥር ሰው መጫወት ሊመጣ ይችላል። ታኬታውን ተቀበሉት። ይህ ቀላል ዘዴ ከብዙ ክርክር ያድናል። ከ2024 ወዲህ የእግር ኳስ ሕግ ለኮንከሽን ተጨማሪ ቅያሪ ይፈቅዳል፣ ውሳኔው የውድድሩ አዘጋጅ ነውና የትምህርት ቤት ውድድሮቻችንም ቢያስገቡት ጥሩ ነው።

ውሃ ደፍቶበት «አይዞህ፣ ጠንከር በል» ማለት ምንም አያክምም። ቢንቀጠቀጥ ክብሪት አታሽቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ፤ በጎኑ አስተኙት።

ከዚያ ብቻውን አይቀመጥም፣ አንድ ሰው አጠገቡ ይሁን። ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ ካስመለሰው፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከሳተ፣ ሊነቃ ካልቻለ ወይም ያለ ጠባዩ ከተበሳጨ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆንም የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሰው ሪፈራል የሚለው፣ ድንገተኛ ክፍል አለው። አዳሬ ሆስፒታልም እንዲሁ። የሚፈራው በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ያለ ደም መፍሰስ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ያወራል፣ ይስቃልም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ይዝላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ከሜዳው እኩል ከባድ ነው፣ ያ ሌሊት ደግሞ በቤተሰብ እጅ ነው።

ለዚህ ነው አሰልጣኙ ራሱ የሚደውለው። በልጁ በኩል መልእክት አይላክም፦ ወይ ይረሳዋል፣ ወይ እንዳይከለከል ያሳንሰዋል። እንዲህ ይባላል፦ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ የልጅዎ አሰልጣኝ ነኝ። አሁን እያወራ ነው፣ አይደንግጡ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከሌላ ተጫዋች ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ፣ ትንሽ ተንገዳገደ፣ አንድ ነገርም ረሳ። ከጨዋታ አውጥተነዋል። መጥታችሁ ውሰዱት፣ ዛሬ ሐኪም ይየው።» ቀጥሎ አደገኛዎቹን ምልክቶች አንድ በአንድ ንገሯቸው፣ በጽሑፍም ላኩ። ሀዋሳ ውስጥ የቤቱ ቋንቋ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ሊሆን ይችላል፤ በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ መምህር አይጠፋም።

ቤተሰብ ሁሌ የሚጠይቀው «ይተኛ ወይ?» ነው። ሐኪም ካየው ወይም አደገኛ ምልክት ከሌለው ይተኛ፣ እንቅልፍ ይጠቅመዋል። ድሮ በየሁለት ሰዓቱ ይቀስቀስ ይባል ነበር፣ አሁን ብዙዎች ትተውታል፣ አንዳንድ ሐኪም ግን ያዝዘዋል፤ ያየው ሐኪም ያለውን ማድረግ ነው። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ይቅሩ።

አንድ የኛው አካባቢ ነገር አለ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ተማሪዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ኪራይ ቤቱ አድርሶ መመለስ አይበቃም። ዘመድ፣ አከራይ ወይም ጓደኛ አብሮት ማደር አለበት፣ ለሚያድረውም ሰው ምልክቶቹ ይነገሩት። ገጠር ላሉት ወላጆችም ያንኑ ቀን ይደወላል።

የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ዕረፍት ነው፦ በእግር መሄድ ይቻላል፣ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንሳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት አሁን አይመከርም። ትምህርት ከኳስ ይቀድማል። ሙሉ ቀን ተምሮ ራሱን ካላመመው በኋላ ዱብ ዱብ ሩጫ፣ ቀጥሎ ብቻውን ኳስ ይዞ ልምምድ፣ እያንዳንዱ እርከን ቢያንስ አንድ ቀን። ምልክቱ ካገረሸ ይቆምና፣ ሲሻለው ከአንድ እርከን ዝቅ ብሎ ይጀምራል። በእንግሊዞቹ ስሌት የኛ ልጅ ምልክቱ በአራተኛው ቀን ቢጠፋ፣ ከዚያ 14 ንጹሕ ቀናት ቆጥሮ በ18ኛው ቀን ገደማ ግጭት ወዳለው ልምምድ ይገባል፤ ወደ ውድድር ግን ከ21ኛው ቀን በፊት አይመለስም። የአምስተርዳሙ ስምምነት በቀን ቁጥር ሳይሆን በእርከኖቹና በሐኪም ፈቃድ ይሄዳል። ሐኪም በቀላሉ በማይገኝበት ሜዳ የ21 ቀኑ ለአሰልጣኝ ይቀላል፣ በኔ እይታ እሱን መያዝ ይሻላል። ምልክቱ ከ28 ቀን በላይ ከቆየ ልጁ ተመልሶ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።