«ሰባት ሰከንድ ብቻ ናት»፦ ስለ ማስታወቂያ ሙዚቃ፣ ፎቶና ፎንት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው እንቁጣጣሽ ለአንድ የጫማ ሱቅ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ሠራን። ባለቤቷ ጥሬ ዕቃውን ራሷ ሰብስባ በቴሌግራም ላከችልኝ። አንድ ዘፈን፣ አንድ የሚስቅ ልጅ ፎቶ፣ አንድ ፎንት። እያንዳንዱ ላይ ጥያቄ ሳነሳ የሰጠችኝ መልስ ከሌሎች ደንበኞችም ሁሌ የምሰማው ስለሆነ እንዳለ ላስቀምጠው።

«ሰባት ሰከንድ ብቻ ናት የወሰድኩት፤ ያን ያህል ይፈቀዳል»

ማን እንደጀመረው አላውቅም እንጂ ይህ ወሬ በሁሉም ስቱዲዮ አለ። አንዱ ሰባት ይላል፣ ሌላው 15፣ ሌላው 30። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ውስጥ ግን እንዲህ ያለ የሰከንድ ልክ የለም። ሕጉ ለግል መጠቀምንና ከሥራው ጠቅሶ ማሳየትን በገደብ ይፈቅዳል። ጫማ ለመሸጥ ከጀርባ ዘፈን ማሰማት ከሁለቱም አይደለም። ደግሞ ከዘፈን የምንወስደው አዝማቹን ነው፤ ሰው የሚያውቀውን፣ ዋናውን። ዩትዩብ ላይ ዘፈን የሚለየው ሥርዓትም ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

እሺ፣ ፈቃድ ልጠይቅ ብትሉ ማንን ነው የምትጠይቁት? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ግጥሙና ዜማው ነው፤ የደራሲዎቹ። ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው፤ የድምፃዊውና ያስቀረጸው ፕሮዲውሰር። ድምፃዊው «ተጠቀሚበት የኔ እህት» ስላለ ብቻ ዜማ ደራሲው ፈቅዷል ማለት አይደለም። በሌላ ድምፃዊ አስዘፍናችሁ እንደ አዲስ ብትቀርጹት ሁለተኛው ጣጣ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ግን እንዳለ ነው።

«የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ባለቤት የለውም»

ግማሹ እውነት ነው። የትዝታ ቅኝት የማንም አይደለም። ማን እንደደረሰው የማይታወቅ፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የመጣ የሠርግ ዜማም «የኔ ነው» የሚል አንድ ደራሲ የለውም። ደንበኛዬ የላከችልኝ ግን ዜማውን ሳይሆን አንድ ታዋቂ ድምፃዊ በአልበም ያወጣውን ቅጂ ነው። ቅጂው ባለቤት አለው። አዲስ ቅንብር ከተጨመረበት አቀናባሪውም አለ።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ያንኑ አሮጌ ዜማ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ስቱዲዮ ገብቶ ተጫወተልን፣ ቀረጽነው፣ ተፈራረምን። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ሰፈረ፦ የትኛው ቅጂ፣ ለየትኛው ማስታወቂያ፣ የት የት እንደሚተላለፍ፣ እስከ መቼ። የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«ኢንስታግራም ራሱ ያቀረበልኝ ዘፈን ነው እኮ»

ያቀረበው ለእናንተ የልደት ቪዲዮ ነው። እነዚህ መድረኮች ከሙዚቃ ድርጅቶች ጋር ያላቸው ውል በመሠረቱ ለግል መዝናኛ ነው። ይህን ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልግም። ታዋቂ ዘፈን ያለበትን ሪል ቡስት ለማድረግ ሞክሩ፤ በሙዚቃው ምክንያት አይሆንም ይላችኋል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ አካውንታችሁን ወደ ቢዝነስ ስትቀይሩ የምታውቋቸው ዘፈኖች ይጠፉና `Commercial Music Library` የሚል ስብስብ ይመጣል። ለንግድ የተፈቀደው እሱ ነው። ሜታም `Sound Collection` የሚባል አለው።

አንድ ወጥመድ አለ። የቲክቶኩ ስብስብ ፈቃድ የሚሠራው እዚያው ቲክቶክ ላይ ነው። ቪዲዮውን አውርዳችሁ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ብትሰጡት ሙዚቃው ያለ ፈቃድ ቀረ ማለት ነው።

«ፎቶው ነፃ ከሆነ ድረ ገጽ ነው የወረደው»

የሚስቀው ልጅ ፎቶ የመጣው ከአንስፕላሽ ነበር። እውነቷን ነው፤ የአንስፕላሽ ፈቃድ ለንግድም ያለ ክፍያ መጠቀም ያስችላል። ግን ፈቃዱ የፎቶ አንሺውን መብት ነው የሚመለከተው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው «ፊቴን ለማስታወቂያ ተጠቀሙበት» ብሎ መፈረሙን አያረጋግጥላችሁም። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል። ልጅ ሲሆን ደግሞ የሚፈርመው ወላጁ ነው። በዚያ ላይ የልጁ ቲሸርት ላይ የአንድ ትልቅ ስፖርት ኩባንያ ምልክት በደንብ ይታያል። በጫማ ማስታወቂያ!

በክፍያ የሚሸጡት ድረ ገጾች ላይ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። `Editorial Use Only` ካለ ለዜናና ለመሰል ጽሑፍ እንጂ ለማስታወቂያ አይሆንም፤ ብትከፍሉም ያው ነው። ባለፎቶው ሰው መፈረሙን የሚገልጽም ቦታ አለ፤ `Model release` የሚለውን ፈልጉ። እኛ በመጨረሻ የባለሱቋን የእህት ልጅ ፎቶ አነሳን፤ እናቱ ፈረመች። ከዳውንሎዱ ይልቅ የሱ ሳቅ ያምራል፣ ልንገራችሁ።

«ፎንቱ ኮምፒውተሬ ላይ ስላለ የኔ ነው»

ፎንት ሶፍትዌር ነው፤ የምትይዙት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡትን ኒያላንና ኢብሪማን ውሰዱ። ጽፋችሁበት ባነር ብታትሙ፣ ምስል ብትሠሩ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ፋይሉን ራሱን ስትሰጡ ነው። «ፎንቱን ላክልኝ» ለሚል ማተሚያ ቤት መላክ፣ ወይም ድረ ገጽ ላይ መጫን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ለማተሚያ ቤት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ላኩት፤ ፎንቱ አብሮ መሄድ አያስፈልገውም።

ደንበኛዬ የላከችው ግን ዋጋ የሚጻፍበት፣ ቁጥሮቹ የሚያምሩ የላቲን ፎንት ነበር። ዚፑን ስከፍት አንድ የጽሑፍ ፋይል አገኘሁ። ውስጡ `Free for Personal Use` ይላል። ለንግድ አይሆንም ማለት ነው፤ ዳፎንት በሚባለው የፎንት ማውረጃ ድረ ገጽ ላይ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ዚፑ ከጠፋባችሁ ዊንዶውስ ላይ የፎንቱን ፋይል በቀኝ ተጭናችሁ `Properties`፣ ከዚያ `Details` ብትገቡ ብዙ ጊዜ የባለመብቱን ስም ታገኛላችሁ።

ለአማርኛ ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ብትጠቀሙ እንቅልፍ ትተኛላችሁ። ሁለቱም የወጡት `OFL` በሚባለው ክፍት ፈቃድ ነው። ለማስታወቂያም፣ ለድረ ገጽም ይሆናሉ። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው የማይቻለው።

«ስሙን ጽፌለታለሁ፣ ምን ይፈልጋል?»

ስም መጥቀስ የሚበቃው ፈቃዱ እንደዚያ ካለ ብቻ ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ክፍት ፈቃዶች `CC BY` ላለው ይበቃዋል። `CC BY-NC` ለንግድ ይከለክላል፤ ስሙን አሥር ጊዜ ብትጽፉም።

«ከፍለናል፤ አለቀ»

በማን ስም? እስከ መቼ? ፍሪላንሰሩ በራሱ አካውንት የገዛው ሙዚቃ ለደንበኛው የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑን ውሉ ላይ ማየት ያስፈልጋል። በወር ክፍያ የሚገኝ ሙዚቃም ክፍያው ሲቋረጥ ለአዲስ ቪዲዮ አያገለግልም። እኔ ባወረድኩ ቀን የፈቃዱን ገጽ ስክሪንሾት አንስቼ ከደረሰኙ ጋር በፕሮጀክቱ ፎልደር አስቀምጣለሁ፤ ገጹ ነገ ሊቀየር ይችላል።

ለገና ባለሱቋ ደወለች። «ያቺን ቪዲዮ ቀኑን ቀይረህ መልሰህ ልቀቃት።» ፎልደሩን ከፈትኩ። የማሲንቆው ወረቀት «እስከ ጥቅምት 30» ይላል። ለተጫዋቹ ደወልኩ፣ ትንሽ ተከራከርን፣ ጨምረን ከፍለን ሌላ ወረቀት ፈረምን።