የሽቶ ጠርሙስ በፎቶ ሲመረመር፦ ክዳን፣ ቱቦ፣ መስታወትና የባች ኮድ

ሽቶ በቴሌግራም የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ፎቶ ነው። ዱባይ ያለ ዘመድ ልግዛልህ ሲልም እንደዚያው ነው። መዓዛውን ማሽተት ስለማይቻል፣ ኦርጅናል ይሁን ፎርጅድ የሚለየው በዓይን ብቻ ነው። ካርቶኑ ብዙ አያግዝም፤ ጥሩ ማተሚያ ያለው ሰው በቀላሉ ይቀዳዋል። ጠርሙሱን መቅዳት ግን ይከብዳል። ጥሩ ሞልድና ትክክለኛ ልክ ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከጠርሙሱ እጀምራለሁ።

ክዳኑን ለማየት ካሜራው ከጠርሙሱ ትከሻ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ፎቶ ቀጥ ያለውንም ክዳን ያጣምመዋል። በክዳኑና በጠርሙሱ መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆን ይገባዋል። ጥሩ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ብሉ ደ ሻኔል ነው። ክዳኑ ማግኔት አለው። አጣምመው ሲያስቀምጡት ማግኔቱ ራሱ ያዞረውና ምልክቱ ከጠርሙሱ ፊት ጋር ይስተካከላል። በፎቶ ላይ ምልክቱ ወደ ጎን ዞሮ ከታየ አጭር ቪዲዮ ይጠየቅ። ክዳኑን አጣሞ ማስቀመጥና መልቀቅ ብቻ ነው፤ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ቱቦው ፈሳሹን ወደ መርጫው የሚያወጣው ቀጭን ነገር ነው። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በብዙ አዳዲስ ውድ ሽቶዎች ውስጥ ይህ ቱቦ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ቱቦው የተሠራበት ፕላስቲክ ብርሃንን የሚያጥፈው ሽቶው ውስጥ ያለው አልኮል በሚያጥፈው መጠን አካባቢ መሆኑ ነው። ከፈሳሹ በላይ፣ አየሩ ውስጥ ያለው ክፍል ግን በደንብ ይታያል። ፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ ተራ ፕላስቲክ ይገባል። እሱ ወፈር ይላል፣ ነጣ ብሎ ፈሳሹ ውስጥም ይለያል። ርዝመቱም ይታይ። ልኩ የተጠበቀ ቱቦ ጫፉ የጠርሙሱ ታች ጥግ አካባቢ ያርፋል። የረዘመው ታች ደርሶ ይጠቀለላል፤ ያጠረው ደግሞ ፈሳሽ ያስቀራል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የቆዩ ኦርጅናል ሽቶዎች ቱቦም በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የሚነጻጸረው ከዚያው ሽቶ፣ ከዚያው ዘመን ጠርሙስ ጋር ነው።

የመስታወቱ መስመር ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የፋብሪካ ጠርሙስ ለሁለት በሚከፈት ሞልድ ውስጥ ስለሚነፋ፣ የመገጣጠሚያ መስመር የማይቀር ነገር ነው። ጥሩ ፋብሪካ መስመሩን ወደ ማዕዘን ይወስደዋል፣ ወይም ላዩን በእሳት አለስልሶ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ መስመር መኖሩ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የሚያጠራጥረው በእጅ የሚዳሰስ ስለታም መስመር የፊቱን መሐል ሲያቋርጥ፣ አረፋ ሲኖር፣ ወይም የታችኛው መስታወት አንድ ጎን ወፍሮ ሌላው ሲሳሳ ነው። ጠርሙሱን መስኮት አጠገብ አቁሞ ከጎን ማንሳት ይህን ያሳያል።

የባች ኮዱ፣ ማለትም ሽቶው በየትኛው የምርት ዙር እንደተሠራ የሚለየው ቁጥርና ፊደል፣ ጠርሙሱ ታች ላይ ይገኛል። ፎቶው ሲነሳ የስልክ መብራት ከጎን በኩል ቢበራበት ይሻላል፤ የተቀረጸ ፊደል ያኔ ይጎላል። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ስለሚያሳንሰው፣ በፋይል መልክ እንዲላክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኦርጅናሉ ላይ በሌዘር የተቀረጸ መሆኑ የሚታወቅ ሽቶ፣ ኮዱ በቀለም ታትሞ ከመጣ ወይም በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የጠርሙሱና የካርቶኑ ኮድም አንድ መሆን አለበት።

አንድ ምሳሌ እንይ። ሻጩ ሶቫጅ ኤሊክሲር አለኝ ይላል፤ የዲዮር ምርት ነው። ጠርሙሱም ካርቶኑም ላይ 8S02 ተጽፏል። በዲዮር ኮድ የመጀመሪያው ቁጥር ሽቶው የተመረተበት ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ነው። 8 ማለት እ.ኤ.አ. 2018 ወይም 2028 ማለት ነው። ኤሊክሲር ደግሞ ገበያ ላይ የወጣው በ2021 ነው። 2018 ላይ ሊመረት አይችልም፤ 2028 ደግሞ ገና አልደረሰም። ኮዱ የተቀዳው ከሌላ ሽቶ ነው። ኮድ የሚፈትሹ ድረ-ገጾች ግን ይህን ኮድ ያለ ምንም ችግር ሊያነቡት ይችላሉ፤ የሚያዩት አጻጻፉን ነውና። ቀጂዎች አንድ እውነተኛ ኮድ ይዘው ብዙ ጠርሙስ ላይ ይቀርጹታል።

እነዚህ አራቱ ምልክቶች የማይደርሱበት አንድ ማጭበርበር አለ፦ ያለቀ ኦርጅናል ጠርሙስ እንደገና መሙላት። ክዳኑም፣ መስታወቱም፣ ኮዱም እውነተኛ ናቸው። ያኔ የሚቀረው የመርጫውን አንገት በቅርበት ማየት ነው። በብዙ ጠርሙሶች ላይ መርጫው የሚያዘው ዙሪያውን በተጨመቀ የብረት ቀለበት ስለሆነ፣ ሳይጎዳ አይነቀልም። ቀለበቱ ላይ ጭረት፣ የመቆንጠጫ ጥርስ አሻራ ወይም የተሰነጠቀ ጠርዝ ካለ፣ ያ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ተከፍቷል።