የዲቪደንድ ሦስት ቀኖች፦ ከጉባኤው ውሳኔ እስከ ክፍያው ያለው የሂሳብ ምዝገባ

ኩባንያው አተረፈ ማለት ለባለአክሲዮኑ ዕዳ አለበት ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ አንዳንድ የሂሳብ ሠራተኛም ጭምር። ትርፉ የኩባንያው ነው፤ ባለአክሲዮኑ «የኔ ነው» ማለት የሚችለው ሥልጣን ያለው አካል «ይከፋፈል» ብሎ ሲወስን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ሐሳብ ነው፣ ቢበዛ የቦርድ ሐሳብ።

ወሳኙ አካል ማን እንደሆነ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ዲቪደንድ፣ ማለትም የትርፍ ድርሻ፣ የሚያውጀው ቦርዱ ነው፣ ስለዚህ ዕዳው የሚፈጠረውም ቦርዱ በወሰነበት ቀን ነው። እኛ ጋ ግን ቦርዱ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የሚያጸድቀው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ምዝገባው የትኛው በጀት ዓመት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል፤ እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የሆኑ 200,000 አክሲዮኖች አሉት። የሂሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ኦዲቱ አልቆ፣ ሕጋዊ መጠባበቂያው ተቀንሶ፣ ቦርዱ መስከረም ላይ ተሰብስቦ 34,200,000 ብር እንዲከፋፈል ሐሳብ ያቀርባል። ጉባኤው ኅዳር 20 ተቀምጦ ያጸድቃል። በመዝገብ የሚታየው የባለአክሲዮኖች ዝርዝርም የኅዳር 20ው እንዲሆን ይወስናል። ክፍያው ታኅሣሥ 15 ይጀመራል።

ሰኔ 30 ላይ ምን ይመዘገባል? ለዲቪደንድ ምንም። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ኩባንያዎች በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ እንዲሠሩ ሲደረግ፣ ይሄም ነገር አብሮ መጥቷል። አይ.ኤ.ኤስ 10 የሚባለው ደረጃ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ የታወጀ ዲቪደንድ በዓመቱ መጨረሻ እንደ ዕዳ እንዳይያዝ በግልጽ ይከለክላል፤ ምክንያቱም ሰኔ 30 ላይ ኩባንያው የመክፈል ግዴታ አልነበረበትም። ሪፖርቱ በወጣበት ጊዜ ሐሳቡ ቀርቦ ከነበረ በማብራሪያው ላይ ይጻፋል፣ በቃ። የሰኔ 30 የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ ኅዳር ውስጥ የጸደቀ ዲቪደንድ ዕዳ ሆኖ ተቀምጦ ካያችሁ፣ አንድ ሰው የቦርዱን ሐሳብ እንደ ውሳኔ ቆጥሮታል ማለት ነው። መዘዙም ቀላል አይደለም፤ ዕዳው በ34 ሚሊዮን ያብጣል፣ የባለአክሲዮኖች ሀብት በዚያው ልክ ይቀንሳል። የባንክ ብድር ለመጠየቅ ያንን መግለጫ ይዞ ለሚሄድ ኩባንያ ይሄ ዋጋ ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ቀን፣ የጉባኤው ውሳኔ ቀን፣ ኅዳር 20 ነው፤ እንግዲህ ነገሩ እውነት የሚሆነው ያኔ ነው። የዚያን ቀን የሚመዘገበው ይሄ ነው፦

ዴቢት፦ ያልተከፋፈለ ትርፍ 34,200,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ 34,200,000

ልብ በሉ፣ ዴቢት የተደረገው ወጪ አይደለም። ዲቪደንድ ደመወዝ ወይም ኪራይ አይደለም፤ ትርፉን ለማግኘት የወጣ ሳይሆን የተገኘው ትርፍ ለባለቤቶቹ ሲከፋፈል ነው። ስለዚህ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ጨርሶ አይነካም፣ በቀጥታ ከባለአክሲዮኖች ሀብት ወደ ዕዳ ይሻገራል። ወጪ ላይ የመዘገበ ሰው የዘንድሮን ትርፍ በ34 ሚሊዮን ያሳንሳል። ለግብር ስሌት እንደ ወጪ ያቀረበ ደግሞ ከግብር ባለሥልጣኑ ጋር ጣጣ ውስጥ ይገባል። ሌላው፣ በዚህ ምዝገባ ውስጥ ባንክ የሚባል ሂሳብ የለም። ኩባንያው ኅዳር 20 ላይ ካዝናው ባዶ ቢሆንም ዕዳው ተፈጥሯል። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን ጉባኤ ላይ በጭብጨባ የሚያጸድቅ ሰው አይጠይቅም፤ ታኅሣሥ ላይ ግን የፋይናንስ ኃላፊው ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው ቀን፣ በምሳሌያችን ያው ኅዳር 20 የሆነው የመዝገብ ቀን፣ ለሂሳብ ሠራተኛው በጣም ደስ የሚል ነው። ምንም ጆርናል የለውም። የዕዳው ድምር ስለታወቀ ድምሩን የሚለውጥ ነገር አይፈጠርም። የሚታወቀው ዕዳው ለማን እንደሆነ ብቻ ነው። ግን ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የሽያጭ ነው። አንድ ሰው አክሲዮኑን ኅዳር 10 ሸጠ፣ ገንዘቡንም ተቀበለ፣ ዝውውሩ ግን በኩባንያው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ የሰፈረው ኅዳር 25 ነው እንበል። ኩባንያው የሚከፍለው ለሻጩ ነው። ኅዳር 20 ላይ መዝገቡ የሚያውቀው እሱን ነውና። ገዢው «ገንዘብ ከፍዬበታለሁ» ቢል ልክ ነው፣ ግን የሚጠይቀው ሻጩን እንጂ ኩባንያውን አይደለም። አክሲዮን ስትገዙ በውሉ ላይ «ያልተከፈለ የትርፍ ድርሻ ለገዢው ነው» ወይም «ለሻጩ ነው» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ያን ሁሉ ምልልስ ይገላግላል።

የተደራጀ ገበያ ባለበት ይሄ ችግር አራተኛ ቀን በመጨመር ይፈታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አክሲዮኑን የገዛ ሰው የታወጀውን ዲቪደንድ አያገኝም። አሜሪካ ውስጥ ከግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽያጭ የሚጠናቀቀው በማግስቱ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከመዝገብ ቀኑ ጋር አንድ ሆኗል። ስለዚህ እዚያ ያለ ወገናችን ዲቪደንዱን ለማግኘት ከመዝገብ ቀኑ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን ቀድሞ መግዛት አለበት። በመዝገብ ቀኑ ዕለት የገዛ ዘግይቷል። ግን ቀድሜ ገዝቼ ዲቪደንዷን ላፍ ላድርግ ብሎ የሚያስብ ካለ አይልፋ፤ ያ ቀን ሲደርስ የአክሲዮኑ ዋጋ ብዙውን ጊዜ በዲቪደንዱ ልክ ገደማ ዝቅ ብሎ ይከፍታል። በእኛ አገርም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ መጀመሩ በይፋ ሲበሰር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በገበያው ለሚሸጥ አክሲዮን የመዝገብ ቀን ጉዳይ ከእንግዲህ የጽሕፈት ቤት ነገር ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ደግሞ እኛ ጋ የተለመደ ነው። ብዙ አክሲዮን ማኅበሮች፣ ባንኮችም ጭምር፣ ካፒታላቸውን በዓመቱ መሐል እየሸጡ ያሳድጋሉ፤ ባለአክሲዮኑም በየጊዜው ይከፍላል። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ገንዘቡ ሲሠራበት የከረመና ታኅሣሥ 30 ላይ የገባ ሰው እኩል ይካፈላሉ? በተለመደው አሠራር አይካፈሉም፤ ገንዘቡ ኩባንያው ውስጥ በቆየበት ጊዜ ልክ ይሰላል።

በምሳሌያችን 180,000ዎቹ አክሲዮኖች ዓመቱን ሙሉ የነበሩ፣ 20,000ዎቹ ደግሞ ታኅሣሥ 30 ተከፍለው ግማሽ ዓመት የሠሩ ናቸው እንበል። 20,000ዎቹ በግማሽ ሲሰሉ 10,000 ይሆናሉ፤ ድምሩ 190,000። 34,200,000 ለ190,000 ሲካፈል 180 ብር ይወጣል። ስለዚህ ሙሉ ዓመት የቆየ አክሲዮን 180 ብር፣ ግማሽ ዓመት የቆየ 90 ብር ያገኛል። አንድ ሰው ዝም ብሎ ለ200,000 ቢያካፍለው ሁሉም 171 ብር ይደርሰዋል። ነባሩ በአክሲዮን 9 ብር ያጣል፣ አዲሱ 81 ብር በነፃ ያገኛል። የሚገርመው ድምሩ በሁለቱም መንገድ ያው 34,200,000 ነው፤ ዋናው መዝገብ ላይ ስሕተቱ ጨርሶ አይታይም። የሚታየው የእያንዳንዱ ባለአክሲዮን ዝርዝር ሲመረመር ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጆርናል የሌለው ቀን ብዙ ሥራ ያለበት ቀን የሚሆነው።

ወደ ሦስተኛው ቀን፣ ወደ ክፍያው እንምጣ። ኩባንያው ሲከፍል ግብር ቀንሶ ያስቀራል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ላይ የተቀመጠው የዲቪደንድ ግብር 10 በመቶ ስለነበር ለስሌታችን እሱን እንጠቀማለን፤ የግብር ሕግ ይሻሻላልና በተግባር ስትሠሩ በክፍያው ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን ምጣኔ ያዙ። ታኅሣሥ ውስጥ ቀርበው የወሰዱት ባለአክሲዮኖች ድርሻ ከግብር በፊት 30,000,000 ብር ቢሆን፦

ዴቢት፦ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ 30,000,000
ክሬዲት፦ ባንክ 27,000,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ተቀናሽ ግብር 3,000,000

ሦስቱ ሚሊዮን የኩባንያው ገንዘብ አይደለም፣ ወጪውም አይደለም። ግብሩ የባለአክሲዮኑ ነው፤ ኩባንያው ሰብሳቢ ብቻ ነው። ለግብር ባለሥልጣኑ ገቢ ሲያደርግ ተከፋይ ተቀናሽ ግብርን ዴቢት፣ ባንክን ክሬዲት አድርጎ ይዘጋዋል። እዚህ ላይ የሚዘወተረው ስሕተት ተከፋይ የትርፍ ድርሻን በ27,000,000 ብቻ ዴቢት ማድረግና ግብሩን ሲከፍሉ ወጪ ላይ መጣል ነው። ያኔ ሙሉ ድርሻቸውን የወሰዱ ሰዎች ገና 3 ሚሊዮን ብር እንዳልተከፈላቸው ሆኖ በዕዳው ሂሳብ ውስጥ ይቀራል።

ድርሻዬን በጥሬ ገንዘብ አልፈልግም፣ አዲስ አክሲዮን ግዙልኝ የሚልም አለ። ለሱ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ ዴቢት ሆኖ በባንክ ፋንታ የአክሲዮን ካፒታል ክሬዲት ይደረጋል። ይሄ ጉባኤው ራሱ ትርፉን በቀጥታ ወደ ካፒታል ይዙር ብሎ ከሚወስነው ጋር እንዳይምታታባችሁ። በዚያኛው ያልተከፋፈለ ትርፍ ዴቢት፣ የአክሲዮን ካፒታል ክሬዲት ይሆንና ያልቃል፤ መሐል ላይ ለማንም የሚከፈል ዕዳ አይፈጠርም።

ቀሪውስ 4,200,000? ሁሉም ባለአክሲዮን አይመጣም። አድራሻ የቀየረ አለ፣ ውጭ አገር ያለ አለ፣ የሞተና ወራሾቹ ፍርድ ቤት ያሉ አለ። ገንዘቡ ዕዳ ሆኖ ይቆያል እንጂ ዓመቱ አለፈ ተብሎ ወደ ትርፍ አይመለስም። በየወሩ መጨረሻ የዕዳው ሂሳብ ቀሪ ካልወሰዱት ሰዎች ስም ዝርዝር ድምር ጋር ይመሳከራል፤ ዝርዝሩም በዓመት በዓመቱ ለየብቻ ይያዛል፣ ያለዚያ የአምናውና የዘንድሮው ይደባለቃል። ዝርዝሩ 4,200,000 ሲል ዋናው መዝገብ 7,200,000 ካለ፣ ያቺ ከላይ ያየናት የግብር ስሕተት ናት። ዋናው መዝገብ ከዝርዝሩ ካነሰ ግን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተከፍሎት ሊሆን ስለሚችል የባንክ መግለጫውን ይዞ ክፍያዎቹን አንድ በአንድ ማየት ነው።