ሪሴት የማያጠፋው መዝገብ፦ ስለ ዩቲዩብ መነሻ ገጽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የእኛ ቤት ዩቲዩብ ተበላሽቷል። በከፈትነው ቁጥር ነጻ ትግል፣ የመኪና ግጭት፣ እንደገና ነጻ ትግል ነው። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የሚያይ ሰው የለም። ና እና ሪሴት አድርግልን።»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዲሽ ስተክልና ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ስሰቅል ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት «ሪሴት» የሚለውን ቃል የሰማሁበት ብዛት ተቆጥሮ አያልቅም። ድምፅ ሲጠፋ ሪሴት፣ ዋይፋይ ሲደክም ሪሴት፣ የሪሞት ባትሪ ሲያልቅ እንኳ ሪሴት። አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ያልወደድነውን ሲያሳየን ሪሴት እንደ ማርከሻ ይታዘዛል። እንዲህ ብለው ለጠሩኝ የቤት ባለቤት ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያዎች ሁለት ጊዜ ሪሴት አድርገውላቸዋል። ሁለቱም ጊዜ ነጻ ትግሉ በማግስቱ ተመልሷል።

«ቴሌቪዥኑ ሪሴት ከተደረገ ሁሉም ነገር ይጸዳል»

አይጸዳም። ሪሴት የሚያጠፋው ቴሌቪዥኑ ራሱ የያዘውን ነው፦ የዋይፋይ የይለፍ ቃል፣ የጣቢያዎች ቅደም ተከተል፣ የምስልና የድምፅ ማስተካከያ፣ የተጫኑ መተግበሪያዎች። ምን እንዳያችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንዳያችሁና ምን እንደፈለጋችሁ የተመዘገበው ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ አይደለም። ዩቲዩብ ዘንድ፣ በገባችሁበት አካውንት ስም ተጽፎ ይቀመጣል። የዱቤ ደብተሩ ባለሱቁ ጋ ነው፤ እናንተ ልብስ ብትቀይሩ ዕዳው አይሰረዝም። ከሪሴት በኋላ በዚያው አካውንት መልሳችሁ ስትገቡ ባለሱቁ ያንኑ ደብተር ይከፍታል። መተግበሪያውን አጥፍቶ መጫንና የመሸጎጫ ማኅደሩን ማጽዳትም ከዚህ የተለየ ውጤት የላቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቴሌቪዥኑ ምን ሆነ?» ሳይሆን «አካውንቱ የማን ነው?» ነው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጠየቅኋቸው።

«የእኔ ነዋ፣ ልጄ። ቴሌቪዥኑን ስገዛ ሻጩ ልጅ ከፈተልኝ።»

«ስልክዎስ፣ እማማ?»

«እሱንም ከዚያው ገዛሁ፤ አብሮ ሞላልኝ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ስልክና ቴሌቪዥን የሚሸጡ ብዙ ልጆች ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ አካውንት ለመክፈት ጊዜ የላቸውም። አንድ የተዘጋጀ ጂሜይል አላቸው፤ ለአሥር ደንበኛ ያንኑ ያስገባሉ። ልወቅስ አልችልም፣ በመጀመሪያው ዓመት እኔም አድርጌዋለሁ። ውጤቱ ግን አሥር ቤተሰብ በአንድ ደብተር ዱቤ መውሰዱ ነው።

ጥርጣሬ ብቻውን አይበቃም፤ ማረጋገጫው ቀላል ነው። በስልካቸው `myactivity.google.com` ላይ ገባንና የዩቲዩቡን ብቻ ለየን። እያንዳንዱ ቪዲዮ የታየበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ ይታያል። ረቡዕ ማታ 8:40 PM፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40፣ የነጻ ትግል ቪዲዮ ታይቷል። እሳቸው ሳቁ። ረቡዕ እንጀራ ጋግረው ሳይጨርሱ ከ12 ሰዓት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ሊጡ ሳይጋገር አድሯል። ስልካቸው ደግሞ ባትሪው አልቆ ተዘግቶ ነበር። ቀጥለን በጎግል አካውንቱ የደህንነት ገጽ ላይ «Your devices» የሚለውን ከፈትን። ከእሳቸው ስልክና ቴሌቪዥን ሌላ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ ስልክ ተዘርዝረው አገኘን። አንዳቸውም የእሳቸው አይደሉም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የተበላሸውን ታሪክ ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው፤ እናንተ ስታጸዱ ሌላው ይጽፋል። የይለፍ ቃሉን መቀየር ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የመልሶ ማግኛው ስልክ ቁጥር የሻጩ ሆኖ እስከቆየ ድረስ አካውንቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ አይሆንም። ስለዚህ በራሳቸው ስልክ ቁጥር አዲስ አካውንት ከፈትን። ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን አሮጌውን «Remove account» በሚለው አወጣን። ከዚያ ዩቲዩብ በማያ ገጹ ላይ የሚሰጠውን ኮድ በስልካቸው `youtube.com/activate` ላይ አስገብተን በአዲሱ ገባን። አጠቃላይ ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሪሴት አላደረግሁም።

መነሻ ገጹ ባዶ ሆኖ ሲከፈት ደነገጡ፤ «ይባስ ብለህ አጠፋኸው» አሉኝ። ምንም የታየ ነገር ለሌለው አካውንት ዩቲዩብ የሚያቀርበው ነገር የለውም፤ መጀመሪያ ፈልጋችሁ እንድታዩ ይጋብዛል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ንጹህ ደብተር ነው።

«ዩቲዩብ የሚያቀርበው የጫንሁትን ነው፤ እኔ ደግሞ አልጫንሁትም»

የጫናችሁት ብቻ አይደለም የሚቆጠረው። ዩቲዩብ በ2012 ትኩረቱን ከመጫን ብዛት ወደ ታየበት ጊዜ አዙሯል፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትጣሉኝ። መሐንዲሶቹ በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት ሥራው ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ያላቸው ሰዎች ካዩት ውስጥ ጥቂት መቶ ቪዲዮ ይለቀማል። ከዚያ እነዚያ ምን ያህል ጊዜ ሊታዩ እንደሚችሉ ተገምቶ በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቀይሯል፤ የታየበት ጊዜ ግን ዛሬም ትልቅ ምልክት ነው። ስለዚህ ከፍታችሁ ወዲያው የዘጋችሁት አሥር ቪዲዮ፣ እናንተ ወጥ ስታማስሉ በራሱ እየተከታተለ እስከ መጨረሻው ከተጫወተው አንድ ሰዓት ሊያንስ ይችላል። ማያ ገጹ ፊት ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም። በራሱ እንዲቀጥል የሚያደርገውን «Autoplay» ዝጉት፤ ኢንተርኔታችሁንም ትቆጥባላችሁ።

ሕፃናት ባሉበት ቤትም ነገሩ ያው ነው። ቅዳሜ የመጣው የልጅ ልጅ ሦስት ሰዓት ካርቱን ካየ፣ እሑድ ጠዋት ካርቱን ቢመጣ ማንን ትወቅሳላችሁ? ለእንግዳ ከአካውንት መምረጫው ውስጥ የእንግዳ መግቢያውን ክፈቱ። ለዘወትር ነዋሪ ደግሞ ለየብቻው አካውንት አስገቡለት። ኔትፍሊክስ ያላችሁም በአንድ አካውንት እስከ 5 ፕሮፋይል መክፈት ትችላላችሁ፤ እባካችሁ ክፈቱ።

«„Not interested“ን እየጫንሁ ነው፣ አልሰማኝም»

ይህን ቅሬታ ግን አልንቅም፤ ግማሹ እውነት ነው። ፋየርፎክስ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ባለቤት የሆነው የሞዚላ ድርጅት በ2022 ከ22,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች በሰጡት መረጃ ቁልፎቹ ምን ያህል እንደሚሠሩ አጥንቶ ነበር። «Not interested» ዩቲዩብ ከሚያቀርባቸው ያልተፈለጉ ቪዲዮዎች 11 በመቶውን፣ ወደ ታች ያዘነበለው አውራ ጣት 12 በመቶውን ብቻ አስቀረ። ከታሪክ ውስጥ መሰረዝ 29 በመቶውን፣ «Don't recommend channel» ደግሞ 43 በመቶውን አስቀረ። ከሁሉም የበረታው እንኳ ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ቁልፍ እየጫኑ መናደድ ሳይሆን፣ የሚሻለውን ቁልፍ ከምንጩ መሰረዝ ጋር ማጣመር ነው የሚያዋጣው።

አካውንቱ የራሳችሁ ከሆነና የቤት ሰው ካበላሸው እንዲህ አድርጉ። በ`myactivity.google.com` የዩቲዩብ ክፍል «Delete» ከዚያም «Delete custom range» በሚለው የተበላሹትን ቀናት ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ሁሉንም አትሰርዙ፣ የወደዳችሁት ታሪክም አብሮ ይሄዳልና ተመልሶም አይመጣም። ከዚያ መነሻ ገጹ ላይ ደጋግሞ በሚመጣው ቻናል ምስል ላይ የሪሞቱን የመምረጫ ቁልፍ ተጭናችሁ ቆዩ፤ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «Don't recommend channel» አለ። የፍለጋ ታሪክ ከእይታ ታሪክ የተለየ ስለሆነ እሱንም ተመልከቱ። በመጨረሻ የምትፈልጉትን በግዕዝ ፊደል ጽፋችሁ ፈልጉና ሦስት አራቱን እስከ መጨረሻ እዩ። ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ እናንተ ካልሞላችሁት በሌላ ይሞላል።

መሻሻሉን በስሜት አትለኩት። ከመጀመራችሁ በፊት በመነሻ ገጹ ከላይ ያሉትን 12 ምስሎች ቁጠሩና የማትፈልጉት ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልቀነሰ አንድም ሌላ ሰው በአካውንቱ እያየ ነው፣ አንድም የተመዘገባችሁበት ቻናል ወይም የወደዳችሁት ቪዲዮ ይጎትተዋል፤ ታሪክ መሰረዝ እነዚህን አይነካቸውም።

የቀሩትን ባጭሩ። «ርካሽ ቴሌቪዥን ስለሆነ ነው» የሚለው፦ በውድም ቢሆን በዚያው አካውንት ያው ይመጣል። «ስልኬ ስናወራ ይሰማኛል» የሚለው፦ ከላይ ያለውን የእይታ ታሪካችሁን መጀመሪያ አንብቡትና ከዚያ እንነጋገር። «ታሪክ መመዝገቡን ካቆምሁት ጥሩ ነገር ይመጣልኛል» የሚለው፦ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ታሪኩ ለቆመና በቂ የቆየ ታሪክ ለሌለው ሰው መነሻ ገጹ ባዶ ይሆናል እንጂ አይሻሻልም።

እማማ በሳምንቱ ደወሉልኝ። ከ12ቱ ምስሎች ስምንቱ መዝሙርና የምግብ አሠራር፣ ሁለቱ የድሮ ቲያትር፣ ሁለቱ ደግሞ ያልጠየቁት ዜና ነበሩ። ነጻ ትግል የለም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «ያ ነጻ ትግል የሚያየው ሰውዬስ? እኔ ስምንት ወር ሙሉ መዝሙርና የጎመን ወጥ አሠራር ሳይ፣ እሱ ቤት ምን እየመጣበት ኖሯል?»