አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስላይድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንዱን ምሳሌ እስከ መጨረሻ ብይዘው ሰልጣኞቹ ይሰለቻሉ፤ በየክፍሉ አዲስ ባመጣ ይሻላል።»

ሰልጣኝን የሚያደክመው በየሩብ ሰዓቱ አዲስ ነጋዴ፣ አዲስ ዕቃና አዲስ ቁጥር መልመድ ነው። ጆን ስዌለር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ሊያሰላስለው የሚችለው ነገር ውስን ነው፤ ይህም አቅም ጥያቄውን ራሱን ለመከተል ካለቀ ለመማር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጥ የአንድ ቀን የሂሳብ አያያዝ ሥልጠናን እንውሰድ። ዴቢትና ክሬዲት በሱቅ፣ የዱቤ ግዢ በጋራዥ፣ የእርጅና ቅናሽ በታክሲ፣ የወር መጨረሻ መግለጫ ደግሞ በካፌ ከተማሩ፣ ሰልጣኞቹ አራት ንግዶችን ከባዶ መልመድ አለባቸው። አንድ እንጀራ ጋጋሪ ቤት ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቤቱን የማያውቅ ሰው ስለማይኖር፣ አዲስ የሚሆነው በየክፍሉ የሚነሳው ጥያቄ ብቻ ነው። መሰልቸት የሚመጣው ያው ጥያቄ ሲደጋገም ነው።

«ምሳሌው ከእውነተኛ ንግድ መዝገብ እንዳለ የተወሰደ መሆን አለበት፤ አለዚያ አያሳምንም።»

እውነተኛ መዝገብ ኪራዩን፣ ደመወዙን፣ ታክሱንና የንግዱን ባለቤት የግል ወጪ ሁሉ በአንድ ገጽ ይዞ ይመጣል፤ ጀማሪም በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ይጠፋበታል። የሚያሳምነው ቁጥሮቹ እርስ በርስ መግጠማቸው ነው፤ ይህን ለማግኘት ደግሞ ምሳሌውን ከመጨረሻው ስላይድ ወደ ኋላ መሥራት ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሥልጠና ሳዘጋጅ መጀመሪያ የምወስነው ሰልጣኞቹ ማታ ላይ የትኛውን ጥያቄ ራሳቸው እንዲያነሱ እንደምፈልግ ነው፤ ጥያቄውም «አትርፋለች ካልን ገንዘቡ የት ሄደ?» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርሱትን ቁጥሮች ብቻ እመርጣለሁ።

የእንጀራ ጋጋሪ ቤቱ ባለቤት በወሩ መጀመሪያ 100,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ይዛ ትነሳለች። በ24,000 ብር የኤሌክትሪክ ምጣዶች ትገዛለች። የ40,000 ብር ጤፍ ስታስገባ 25,000 ብሩን በእጅ ከፍላ 15,000 ብሩን በዱቤ ታስቀራለች። በወሩ ውስጥ የ30,000 ብር እንጀራ ትሸጣለች፤ ከዚህም 18,000 ብሩ በእጇ ገብቶ 12,000 ብሩ በአንድ ምግብ ቤት ላይ ይቀራል። ለተሸጠው እንጀራ የ18,000 ብር ጤፍ ወጥቷል፤ ለመብራትም 1,500 ብር ተከፍሏል። ምጣዶቹ አራት ዓመት ያገለግላሉ ብለን ስለያዝን የወሩ የእርጅና ቅናሽ 500 ብር ይሆናል። እንግዲህ ከ30,000 ብር ሽያጭ ላይ እነዚህ ሦስት ወጪዎች ሲነሱ የወሩ ትርፍ 10,000 ብር ነው፤ በካዝናው ያለው ገንዘብ ግን ከ100,000 ወደ 67,500 ብር ወርዷል።

ኪራይ፣ ደመወዝና ታክስ ሆን ተብለው ቀርተዋል፤ ይህንንም በመጀመሪያው ስላይድ ላይ በግልጽ መናገር ግዴታ ነው፤ ካልተነገረ ከሰልጣኞቹ መካከል ነጋዴ የሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ የቀረውን ሲፈልግ ይውላል።

«መግቢያው ላይ አስተዋውቄው በየክፍሉ ስሙን ካነሳሁ ይበቃል።»

ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ወደ እንጀራ ቤታችን እንመለስ» ተብሎ ከቀደመው ክፍል ጋር የማይገናኝ አዲስ ስሌት ከተሠራ፣ ምሳሌው ጌጥ ሆነ እንጂ ክፍሎቹን አላሰረም። መለያው ቀላል ነው፦ የምሳሌውን ስላይድ ከአንዱ ክፍል አውጥተው ቀጣዩን ክፍል ይዩት። ቀጣዩ ክፍል ምንም ሳይጎድለው መሄድ ከቻለ ምሳሌው ሸክም አልተሸከመም ማለት ነው። በደንብ በተሠራ ሥልጠና ውስጥ ግን የዱቤ ግዢው ክፍል ቢወጣ ማታ ላይ መግለጫው አይመዛዘንም፤ 15,000 ብሩ ጎድሎ ይገኛል።

እኔ በነጩ ሰሌዳ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ቦታ እይዛለሁ። እዚያም ጥሬ ገንዘብ፣ ጤፍ፣ ምጣድ፣ ተሰብሳቢ፣ ተከፋይና ካፒታል በስድስት መስመር ተጽፈው፣ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ የተለወጠውን ቁጥር አንድ ሰልጣኝ ወጥቶ ያስተካክላል። ቀጣዩ ክፍል የሚጀምረው ከዚያው ቁጥር ነው። ማታ ላይ ጥሬ ገንዘቡ 67,500፣ ጤፉ 22,000፣ ምጣዱ 23,500፣ ተሰብሳቢው 12,000 ሆኖ ሲደመር 125,000 ብር ይሆናል፤ በሌላው ወገን ተከፋዩ 15,000፣ ካፒታሉ ከነትርፉ 110,000 ብር ነው። ገንዘቡ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ እኔ ምንም አልልም፤ ሰልጣኞቹ ራሳቸው ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው ዘርግተው «ምጣዱ ላይ ነው፣ መጋዘን ውስጥ ባለው ጤፍ ነው፣ ምግብ ቤቱም አልከፈለም» ይላሉ። ጠዋት በየክፍላቸው የጻፏቸው መስመሮች ስለሆኑ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ አንድ ቁጥር ከተዛነፈ ከኋላው ያለው ሁሉ ይዛነፋል። በአንድ ሥልጠና ላይ የምጣዱን ዋጋ በአንዱ ስላይድ አስተካክዬ በሌላው 25,000 ብር ሆኖ ቀርቶብኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ጠዋት ሃያ አራት አላልክም?» ብለው ሲጠይቁኝ ሃያ ደቂቃ ያህል ስሕተቱን ፍለጋ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ጽፌ፣ ስላይዶቹን ከዚያ ላይ እያመሳከርኩ እንጂ በቃሌ አልሞላም።

«አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻ ከያዝኩ ሌላ ምሳሌ አያስፈልገኝም።»

ሰልጣኙ ሐሳቡን ከጤፉና ከምጣዱ ጋር አጣብቆ ሊይዘው ይችላል። ሜሪ ጊክና ኪት ሆልዮክ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንድ ታሪክ ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች የመፍትሔውን መንገድ በሌላ ጉዳይ ላይ ለመጠቀም እንደሚቸገሩ፣ ሁለት ታሪኮችን እንዲያነጻጽሩ የተደረጉት ግን የተሻለ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ስለዚህ ዋናው ምሳሌ ቀኑን ሙሉ ይዞ ሲሄድ፣ አንድ ሐሳብ በእርሱ ላይ ከተጨበጠ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል ከሌላ ንግድ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ሁለቱም ምሳሌዎች ይደበላለቃሉ።

እኔ የምመርጠው ፀጉር ቤት ነው፤ ምክንያቱም ከእንጀራ ቤቱ የሚለየው ሽያጩ የአገልግሎት መሆኑና በመጋዘን የሚከማች ዕቃ እምብዛም የሌለው መሆኑ ነው። ሰልጣኞቹ የፀጉር ቤቱን የወር ትርፍ እንዲያሰሉ ስጠይቅ አንዳንዱ ባዶ ሳጥን ሠርቶ «የተሸጠው ዕቃ ዋጋ» ብሎ ይጽፍና ምን እንደሚሞላበት ይጠፋዋል። ትርፍ ማለት ከሽያጭ ላይ ጤፍ መቀነስ ነው ብሎ እንደያዘ የማውቀው ያን ጊዜ ነው፤ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ተመልሰን «የጤፉ መስመር ምን ሥራ ሠራልን?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። የፀጉር ማድረቂያ ማሽኑን የእርጅና ቅናሽ ግን አብዛኛው ሰው ሳይጠየቅ፣ በምጣዱ መንገድ ያሰላዋል።