የትምህርት ዘርፍ ጥንካሬ ምንድን ነው? "ከዓለም ስንተኛ ነው?" ብቻ ለምን አይበቃም?

ልጁ ውጭ አገር ሊማር ነው ሲባል ዘመድ ጎረቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዩኒቨርሲቲው ከዓለም ስንተኛ ነው?" ብሎ ነው። የትምህርት ዘርፍ ጥንካሬ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲው እናንተ ልትማሩት ባሰባችሁት ነገር ላይ ምን አለው? ማን ይመራመራል፣ በምን መሣሪያ፣ ተመራቂውስ የት ይገባል? ለማስተርስ፣ በተለይ ደግሞ ለፒኤችዲ ለሚያመለክት ሰው፣ የሚቀጥሉትን ዓመታት የሚወስነው ይሄኛው ነው።

እስቲ ጥቅል ደረጃው ከምን እንደሚሠራ እንይ። በብዙዎች የሚጠቀሰው ኪውኤስ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ሰንጠረዥ ከ100 ነጥብ 30ውን የሚያገኘው ለምሁራን ከሚበተን መጠይቅ ነው። 15ቱ ከቀጣሪዎች መጠይቅ ይመጣል። ስለዚህ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነጥብ ስምና ዝና ነው ማለት ነው። የውጭ አገር መምህራንና ተማሪዎች ድርሻም ሌላ 10 ነጥብ አለው። የሻንጋዩ ሰንጠረዥ ደግሞ 30 ነጥብ የሚሰጠው ለኖቤልና ለሒሳቡ የፊልድስ ሽልማት ነው። በፊዚክስ ኖቤል ያገኘ ፕሮፌሰር ያለው ዩኒቨርሲቲ ከፍ ይላል። እናንተ የምትማሩት የሰብል ማሻሻል ከሆነ ግን እሱ ሰውዬ ምን ያደርግላችኋል?

ግብርናን ምሳሌ ያደረግሁት በምክንያት ነው። ለግብርና የተመደበ የኖቤል ሽልማት የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው የግብርና ሳይንቲስቱ ኖርማን ቦርላግ የዓለም የምግብ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1986 እንዲቋቋም ያደረጉት። የእኛው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ይህንን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወስዱ የሚሠሩት አሜሪካ ውስጥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በዘርፉ ትልቁ ሽልማት ነው። የኖቤል ነጥብ ውስጥ ግን አይቆጠርም። በሌላ በኩል በጥቅል ደረጃ አናት ላይ የሚቀመጠው ሃርቫርድ የግብርና ኮሌጅ እንኳ የለውም። የሆላንዱ ቫህኒንገን በኪውኤስ የግብርናና ደን ሰንጠረዥ ለብዙ ዓመታት 1ኛ ሆኖ ሳለ በጥቅሉ ግን ከ100 በታች ነው የሚገኘው።

"እንግዲያው የዘርፉን ሰንጠረዥ አይቼ ልምረጥ" ካላችሁ ከጥቅሉ ይሻላል። ግን እዚያም ላይ ብዙው ነጥብ ስም ነው። ደግሞም "ግብርናና ደን" በሚል አንድ መስመር ውስጥ የወተት ላም፣ አፈር፣ ባሕር ዛፍና ማሽላ አብረው ተጠቅልለዋል። ስለዚህ እስከ ቤተ ሙከራው፣ ማለትም እስከ ላቡ ድረስ መውረድ ያስፈልጋል።

ላቡ ለእናንተ የሚሆን ነው የሚባለው መቼ ነው? የፕሮፌሰር ገቢሳ ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ በተመረቁበት ዓመት ከፐርዱው የማሽላ ተመራማሪ ከጆን አክስቴል ጋር ተገናኙ። አክስቴል የኢትዮጵያን ማሽላ ይፈልጉ ነበር፤ ገቢሳም ዝርያዎቹን በማሰባሰብ አገዟቸው። ከዚያ በእሳቸው ሥር ለመማር ፐርዱ ገቡ። በኋላ ራሳቸው ፐርዱ ውስጥ መምህር ሲሆኑ ማሽላን የሚያደርቀውን አቀንጭራ የተባለ አረም ለማሸነፍ ላሪ በትለር ከሚባሉ የባዮኬሚስትሪ ሰው ጋር ተጣመሩ። የአቀንጭራ ዘር መሬት ውስጥ ተኝቶ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። እነሱም የማሽላ ችግኝና የአቀንጭራ ዘር አጋር በተባለ ጄል ላይ አብረው አስቀምጠው የትኛው ማሽላ ዘሩን እንደማያነቃ መለየት ቻሉ። ከዚህ ሥራ የተገኙት ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥም ተለቀዋል። አዳቃዩና ኬሚስቱ አንድ ግቢ ውስጥ መገኘታቸው ነው ነገሩን ያስቻለው። ይህንን ደግሞ የትኛውም ሰንጠረዥ አያሳይም።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። አንዲት የዕፅዋት ሳይንስ ተመራቂ ማሽላና ድርቅ ላይ መሥራት ትፈልጋለች እንበል። ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ ከዓለም 20ኛ አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው ከ100 በታች። የሁለቱንም ፕሮፌሰሮች ስም ጎግል ስኮላር ላይ አስገብታ ያለፉትን ሦስት አራት ዓመታት ጽሑፎች ታያለች። የመጀመሪያው ላብ የሚሠራው አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ የላብ ተክል ላይ ነው። ማሽላ የሚል ቃል የለም። ሁለተኛው በየዓመቱ ስለ ማሽላ ያሳትማል። በመቀጠል የጸሐፊዎቹን ቅደም ተከተል ታያለች። በዚህ ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው መጀመሪያ፣ ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ላይ ይጻፋሉ። መጀመሪያ ላይ የተማሪ ስም ጭራሽ ከሌለ፣ ወይም ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ከሆነ፣ ይሄ ያጠያይቃል።

ከዚያ እዚያው ላብ ላለ ተማሪ አጠር ያለ ኢሜይል ትጽፋለች። "ፕሮፌሰሩን በሳምንት ስንቴ ታገኛቸዋለህ? የመስክ ሙከራ ቦታ አላችሁ? ገንዘቡ ስንት ዓመት ይሸፍናል?" አቀንጭራ ላይ ልትሠራ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። አሜሪካ ውስጥ አቀንጭራ በሕግ የተከለከለ አረም ስለሆነ ዘሩን ለመያዝ ፈቃድና የተለየ ክፍል ይጠይቃል። ያ የሌለው ላብ ውስጥ ጥናቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ሊወጡ ወይም ሌላ ቦታ ሊሄዱ እንደሆነም መጠየቅ ነውር የለውም። በአንድ ሰው ላይ የቆመ ላብ ሰውየው ሲሄድ ይበተናል። ሁለተኛ አማካሪ ማን እንደሚሆን ከወዲሁ ማወቅ ደግ ነው።

የሥራ ጉዳይ ላይ በተለይ አትቸኩሉ። "90 በመቶ ተመራቂዎቻችን ሥራ ይዘዋል" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ "ከስንቱ?" በሉ። ከ100 ተመራቂ 40ው ብቻ መጠይቁን ሞልተው 36ቱ "ሥራ ላይ ነን ወይም እየተማርን ነው" ካሉ 90 በመቶ ይሆናል። የቀሩት 60ዎቹ ግን የሉበትም። ከ36ቱም ውስጥ ስንቱ ትምህርት ቀጠለ፣ ስንቱ ሬስቶራንት ውስጥ ይሠራል፣ ቁጥሩ አይናገርም። መቼ እንደተጠየቁም ለውጥ አለው። እንግሊዝ ውስጥ በአገር ደረጃ የሚካሄደው መጠይቅ ከተመረቁ ከ15 ወር በኋላ ነው። ሌላ ቦታ በስድስት ወር ከተጠየቀው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ለትንሽ ዘርፍ ከዚህ የሚሻለው ስም በስም ማየት ነው። ብዙ ላቦች ድረ ገጻቸው ላይ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ይዘረዝራሉ። ከሌለ ሊንክድኢን አለ። የኛዋ ተመራቂ ሰዎቹ ዘር ኩባንያ ገብተው፣ እንደ ኢክሪሳት ባሉ ዓለም አቀፍ ማዕከላት ተቀጥረው ወይም አገራቸው ተመልሰው መልካሳ ምርምር ማዕከል እየሠሩ ካገኘቻቸው የራሷን መንገድ በደንብ ማየት ትችላለች። የአገሬው ዜጎችና የውጭ ተማሪዎች ዕጣም ስለሚለያይ ሁለቱን ለየብቻ ትመልከት።

ታዲያ ጥቅል ደረጃው ከንቱ ነው? አይደለም። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄድና ምን እንደሚያጠና ገና ያልወሰነ ልጅ ላብ አይመርጥም፤ ለእሱ ሰፊና ጠንካራ ግቢ ይሻለዋል። አንዳንድ ስኮላርሺፕና ቪዛም ደረጃን በቀጥታ ይጠይቃል። ሆላንድ ውጭ አገር ለተመረቁ ሰዎች የአንድ ዓመት የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ የምትሰጠው በታወቁት ሰንጠረዦች እስከ 200ኛ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን ነው። ደስ የሚለው፣ ጥቅሉን ብቻ ሳይሆን የዘርፍ ደረጃንም ትቀበላለች። ማመልከት የሚቻለው ግን በተመረቁ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው።